የባንክ ደረሰኙን ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት

የዓመቱን ግብር ባንክ ስትከፍሉ የብሩን መጠን ብቻ አይታችሁ አትውጡ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን (ቲን)፣ የግብር ዓመቱንና የግብር ዓይነቱን ግብር ቢሮ ከሰጣችሁ ማዘዣ ጋር አስተያዩ። ሱቁ በሚስት ስም ሆኖ ባል ከራሱ ሂሳብ ቢከፍል ችግር የለውም እንበል። ክፍያው በባል ቲን ከተመዘገበ ግን የሚስት ዕዳ እንዳለ ይቆያል። ይሄ የሚታወቀው ብዙ ጊዜ ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ ክሊራንስ ሲጠየቅ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰልፉ አያድርስ።

ደረሰኙ በሙቀት የሚታተም ልሙጥ ወረቀት ከሆነ ጽሑፉ በወራት ውስጥ ሊደበዝዝ ይችላል። በዚያው ቀን ፎቶ ኮፒ አድርጉት፣ በስልክም አንሱት። የክፍያ መለያ ቁጥሩ በደንብ መነበቡን አረጋግጡ፤ ባንኩ የክፍያውን መዝገብ ፈልጎ የሚያገኘው በእሱ ነው። ዋናውን ከግብር ማስታወቂያው ጋር አያይዛችሁ በየዓመቱ ለይታችሁ አስቀምጡ።