ደሴ ላይ ቤት በቀን ለማከራየት፦ ከብርድ ልብሱ እስከ ገራባው

ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ ነው። ይህን የረሳ አከራይ ስልኩ ሌሊት ይጮኻል። የኔ ጮኋል። የኮምቦልቻን ሙቀት የለመደ እንግዳ ከምሽቱ 5 ሰዓት ደውሎ «እህቴ፣ ሌላ ብርድ ልብስ የለም እንዴ?» አለኝ። አልነበረም።

ስለዚህ ከሶፋውና ከቴሌቪዥኑ በፊት አልጋውን ጨርሱ። ለአንድ አልጋ ሁለት ብርድ ልብስ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ አንድ መጠባበቂያ፣ ውሃ የማያሳልፍ የፍራሽ ልብስና ሦስት ሙሉ አንሶላ ያስፈልጋል። አንዱ አልጋ ላይ፣ አንዱ ገመድ ላይ፣ አንዱ ደርቆ ታጥፎ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ገመድ ላይ ያለው በአንድ ቀን አይደርቅም። እርጥበት ያለው አንሶላ ደግሞ ማታ ይሸታል። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ክዳን ያለው በርሜል ከነጆጉ አስቀምጡ፤ ውሃ ሲጠፋ ያኔ ታመሰግኑኛላችሁ። ንግድ ፈቃዱን ደግሞ ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ጨርሱት።

የቤቱ ደንብ

መጀመሪያ ሃያ ያህል ደንብ ጽፌ ለጠፍኩ። ማንም አላነበበውም። አሁን በሩ ጀርባ ያለው ይህ ብቻ ነው፦

1. የተያያዘ ከሰል ቤት ውስጥ አይገባም።
2. መታወቂያው ካልተመዘገበ ሰው ጋር ማደር አይቻልም።
3. ሲጋራና ሺሻ ቤት ውስጥ የለም። ጫት ሳሎን ብቻ፤ ገራባው ፌስታሉ ውስጥ።
4. ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ድምፅ ይቀነስ።
5. የተሰበረ ነገር ካለ ሳይወጡ ይንገሩን።

ጫትን ሙሉ በሙሉ መከልከል ትችላላችሁ። እኔ ሞክሬው ገራባ ከፍራሹ ሥር ስለቅም ከርሜ ተውኩት። ፌስታል ማስቀመጥ ይሻላል።

የመጀመሪያው ደንብ ግን ድርድር የለውም። እንግዳ ቡና ያፈላል፤ ከዚያ ብርዱ ሲጠና ምድጃውን ወደ መኝታ ቤት ይወስድና መስኮቱን ይዘጋል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ራስ ያማል፣ ያቅለሸልሻል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። የተኛ ሰው ደግሞ ላይነቃ ይችላል። ፍሙ አመድ ለብሶ የጠፋ ቢመስልም አደጋው አለ። መከልከል ብቻ ስለማይበቃ ለጀበናው ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ አስቀምጡ። መብራት ከጠፋ ከሰሉ በረንዳ ላይ።

የእንኳን ደህና መጡ መልእክት

ከመምጣታቸው አንድ ቀን በፊት በቴሌግራም ይላካል። አንድ ጊዜ ከውጭ የመጣ እንግዳ «8 ሰዓት» ያልኩትን በፈረንጅ ሰዓት ተረድቶት ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ቆመ። የቀደመው እንግዳ ገና ተኝቷል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም እጽፋለሁ፦

«እንኳን ደህና መጡ። ቤቱ ከቀኑ 8 ሰዓት (በፈረንጅ 2፡00 ከሰዓት) ጀምሮ ዝግጁ ነው። መውጫው ከጠዋቱ 4 ሰዓት (በፈረንጅ 10፡00 ጠዋት) ነው። ባጃጅ ሲይዙ የሰፈሩን ስም ይንገሩና መስጊዱ ጋ ሲደርሱ ይደውሉልኝ፤ ወጥቼ እቀበልዎታለሁ። የቦይለሩ ማብሪያ ከመታጠቢያው በር በስተቀኝ ነው፤ ከመታጠብዎ አንድ ሰዓት በፊት ያብሩት። ተጨማሪ ብርድ ልብስ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ። እባክዎ ከሰል ቤት ውስጥ አያስገቡ፤ ለጀበናው የኤሌክትሪክ ምድጃ አለ።»

መስጊዱን በእናንተ ሰፈር ምልክት ቀይሩት።

በአራት ሰዓት ውስጥ ማጽዳት

አንዱ እንግዳ 4 ሰዓት ወጣ፣ ሌላው 8 ሰዓት ይገባል እንበል። መጀመሪያ መስኮቶቹ በሙሉ ይከፈታሉ። ከዚያ ትራስ፣ አንሶላና ፎጣ ይነሳል። የተረሳ ቻርጀርና የተደበቀ ገራባ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ፍራሹ እስከ 6 ሰዓት ተገልጦ ይናፈስ፤ በብርድ አገር ላቡ ቶሎ አይደርቅም።

ፍራሹ ሲናፈስ መታጠቢያ ቤቱ ይታጠባል። መጀመሪያ በሳሙና፣ ቀጥሎ በበረኪና። 5 በመቶ ከሆነ 20 ሚሊ ሊትር ለአንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ይበቃል፤ 10 ደቂቃ ይቆይና ይለቅለቃል። በረኪናን ከሽንት ቤት አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር አትቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ለሠራተኛዋም ንገሯት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይበልጥ የሚያጸዱ የሚመስላት ብዙ ናት።

6 ሰዓት ላይ ወጥ ቤቱ፣ ከዚያ አልጋው፣ ወለሉ በመጨረሻ። በርሜሉን ሙሉ። 7 ሰዓት ላይ ቦይለሩን አብሩ፤ ባለ 30 ሊትሩ አንድ ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ከዚያ የእያንዳንዱን ክፍል ፎቶ አንሱ። «ብርጭቆው ሲመጣ ተሰብሮ ነበር» የሚለው ክርክር በፎቶው ያልቃል።

7 ሰዓት ተኩል ሲሆን ወጥታችሁ ትንሽ ቆዩና እንደገና ግቡ። ውስጥ የዋለ አፍንጫ ሽታውን ይለምደዋል። በረኪና በረኪና ካለ መስኮቱ እስከ ሩብ ጉዳይ ይቆይ።