ኳስ ስንወረውር ጉልበት የሚባክንባቸው ስህተቶች

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ታዳጊዎችን እጅ ኳስ አሠለጥናለሁ። ውርወራው ደካማ የሆነ ልጅ ሲመጣልኝ ወላጁም ልጁም የሚነግሩኝ አንድ ነገር ነው፤ «ክንዱ አልጠነከረም» ይሉኛል። ባለፈው ዓመት የመጣች የ15 ዓመት ልጅም እንዲሁ አለችኝ። ክንዷ ደህና ነበር። ጉድለቱ ከክንዷ በታች ነበር፤ እሱን ፈልገን ለማግኘት ሳምንታት ፈጀብን። ቀጥሎ ያሉት ስህተቶች አብዛኞቹ የእሷ ናቸው፤ ቆማ ስትወረውር፣ በተለይ በሰባት ሜትር ቅጣት ላይ ያየኋቸው። የምጽፈው በቀኝ እጁ ለሚወረውር ነው፤ ግራኝ የሆነ ገልብጦ ያንብበው።

በቡሄ ሰሞን ጅራፍ ያጮኸ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እጀታው ይወነጨፍና ድንገት ይቆማል። የያዘው ኃይል ግን አይቆምም፤ ወደ ገመዱ ይሻገራል። ገመዱ ወደ ጫፉ እየቀጠነ ስለሚሄድ ያው ኃይል ቀለል ያለውን ክፍል ይበልጥ ያፈጥነዋል፤ ጫፉ ከድምፅ ሲቀድም ይጮኻል። ሲወረውር የሰው አካልም በዚሁ መንገድ ይሠራል። መጀመሪያ ከባዱ ዳሌ ይዞርና ይገታል፤ ደረት ተቀብሎ ይዞርና ይገታል፤ ከዚያ ትከሻ፣ ክርን፣ በመጨረሻም አንጓ። ኳሱ ይዞት ከሚሄደው ፍጥነት ግማሽ ያህሉ ከእርምጃውና ከሰውነት መዞር የሚመጣ ነው።

የፊት እግር ሳይገታ መወርወር

የቀኝ እግር መሬቱን ወደ ኋላ ሲገፋ ሰውነት ወደ ግቡ ይሄዳል። የግራ እግር ከፊት ሲያርፍ ደግሞ ያንን ጉዞ መግታት አለበት። ብስክሌት ሲሄድ የፊት ጎማው ድንጋይ ቢመታ ነጂው ወደ ፊት እንደሚወረወር ሁሉ፣ የግራ እግር ሲገታ የቀኝ ዳሌ በግራው ዙሪያ ተሽከርክሮ ይመጣል። የቀጥታው ጉዞ ወደ መዞር የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። መሬት የሚሰጠን ኃይል የሚገባውም በዚህ እግር በኩል ነው።

የልጅቷ የግራ ጉልበት ካረፈ በኋላም እየታጠፈ ወደ ፊት ይሄድ ነበር። ኃይሉ ጉልበቷ ውስጥ ቀለጠ እንጂ ዳሌዋን አላዞረውም። ሲያርፍ ጥቂት መታጠፉ ደግ ነው፤ ኳሱ ከእጅ እስኪወጣ ግን እየተዘረጋ እንጂ እየተሰበረ መሄድ የለበትም።

በእኛ ሜዳ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሰኔ ሲገባ አፈሩ ይሟሟል፣ እግርም ይንሸራተታል። ስለዚህ ከውርወራው በኋላ ዱካውን ጎንበስ ብዬ አያለሁ። የግራ ጫማ አሻራ ጥርት ብሎ ከታተመ እግሩ ገትቷል። ከስንዝር በላይ ተጎትቶ ከሆነ ግን የዚያን ቀን ውርወራ በፍጥነት አልመዝንም፤ እንደዚያ ባለ መሬት ላይ ልጁ ክንዱን ብቻ መጠቀም ይለምዳልና ልምምዱን ወደ ቅብብል እለውጠዋለሁ።

ዳሌንና ትከሻን አንድ ላይ ማዞር

ብዙ ጉልበት የሚጠፋው እዚህ ነው፤ በዓይን ለመያዝ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው። ከፊት እግር ማረፍ እስከ ኳሱ መውጣት ሩብ ሰከንድ እንኳ አይሞላም። በዚያች ቅጽበት ዳሌ ወደ ግቡ ሲዞር ደረት ገና ወደ ጎን መቅረት አለበት። ልዩነቱ የሆድ ጎን ጡንቻዎችን እንደ ተጠመዘዘ ጨርቅ ይወጥራቸዋል፤ የተወጠረ ጡንቻ ደግሞ ሲመለስ አብልጦ ይጎትታል። ሁለቱ እንደ ሳንቃ አንድ ላይ ከዞሩ ውጥረት የለም፣ የሚያቀባብልም የለም።

መቀነት አስመጣሁና ዳሌዋ ላይ አሰርኩላት፤ ቋጠሮው ከእምብርቷ በታች ዋለ። ደረቷ ላይ የማልያ ቁጥር አለ። ስልኬን ከቀኝ ጎኗ አቁሜ በሰከንድ 240 ምስል በሚያነሳው ዝግታ ቀረጽኳት። የግራ እግሯ ሙሉ በሙሉ ያረፈበትን ምስል ስናቆም ቋጠሮውም ቁጥሩም ወደ ግቡ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ሁለቱም አብረው ሄደዋል» አለች፣ እኔ ሳልነግራት።

መሆን የነበረበት ቋጠሮው ወደ ግቡ ሲጀምር ቁጥሩ ገና ለካሜራው እየታየ ነው። «ትከሻሽን አዘግዪ» ማለት አልረዳትም፤ ሁሉንም አዘገየችው። የረዳት ይህ ነው፦ ግድግዳውን በጎን ይዛ ትቆማለች፣ ኳሱን ከኋላ ይዤ ቀስ ብዬ እገታለሁ፣ እሷ የግራ እግሯን አሳርፋ ቋጠሮውን ብቻ ወደ ግድግዳው ታዞራለች። የሆዷ ጎን ሲወጠር ይሰማታል። ያኔ እለቀዋለሁ። በአንድ ልምምድ አሥር ጊዜ ያህል፣ ከዚያ በግማሽ ጉልበት ያለ እኔ።

ለውጡን የለካነው በዚያው ስልክ ነው። ኳሱ ከእጇ ከወጣበት እስከ ግድግዳው 6 ሜትር በሜትር ለክተን ምስሎቹን ቆጠርን። መጀመሪያ 100 ምስል ፈጀ፤ 100 ለ240 ሲካፈል 0.42 ሰከንድ ገደማ፣ ፍጥነቱም በሰዓት 52 ኪሎ ሜትር። ከስድስት ሳምንት በኋላ 90 ምስል ሆነ፤ በሰዓት 58 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የክንድ ማጠንከሪያ ልምምድ በመካከሉ አልጨመርንም። አንድ ምስል ተሳስቶ መቁጠር ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚያዛባ አምስት ውርወራ ቆጥረን መካከለኛውን ነው የወሰድነው።

ክንድን ማስቸኮል

ደረት ወደ ፊት ሲዞር ኳሱ በክብደቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ክርኑ ታጥፎ ከክርኑ እስከ አንጓው ያለው ክንዱ ወደ ኋላ ይተኛል። ይህን መተኛት ክንዱ ራሱ አይሠራውም፤ ደረት ሲቀድመው በራሱ የሚመጣ ነው። ትከሻው ፊት ለፊት ያለው ጡንቻና ጅማት ይወጠርና ክንዱን ያስፈነጥረዋል። የቸኮለ ልጅ ክንዱ ሳይተኛ ኳሱን ይገፋል፤ ክርኑም ከትከሻው በታች ይወርዳል። ከኋላ ሆናችሁ እዩ፦ ደረት ሲዞር ክርኑ ከሁለቱ ትከሻዎች መስመር ዝቅ ካለ ስህተቱ አለ። እሷም ክርኗ ይወርድ ነበር፤ ከልምምድ በኋላ ክርኗን ከውስጥ በኩል ያማት የነበረውም ለዚያ ይመስለኛል። ዳሌና ደረቷ ሲለያዩ ክርኗ ምንም ሳልናገር ከፍ አለ። ሕመሙ ከእረፍት በኋላም ከቀጠለ ግን ውርወራ አቁሞ ሐኪም ጋ መሄድ ነው፤ ሕመምን በአወራወር ማረም አይቻልም።

የግራ እጅን መርሳት

የግራ እጅ ወደ ግቡ ተዘርግቶ ይጀምርና ደረት ሲዞር ታጥፎ ወደ ጎድን ይሰበሰባል። ወደ ሰውነት የተሰበሰበ ክብደት መዞሩን ያፈጥናል። ቀድሞ ከተሳበ ግን ደረትን ይዞት ይሄዳል፣ ዳሌንና ትከሻን አንድ ላይ የማዞሩ ስህተት ይመለሳል።

ከእጅ የሚበልጥ ኳስ

በብዙ ትምህርት ቤቶች ያለው ኳስ የወንድ አዋቂዎቹ ነው፤ ዙሪያው ከ58 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ከ425 እስከ 475 ግራም። እጁ ያልጨበጠው ልጅ ኳሱ እንዳይወድቅበት ስለሚሰጋ ወደ ኋላ አያስተኛውም፣ ከትከሻው ይገፋዋል። ለሴቶችና ለታዳጊ ወንዶች የተመደበው ከ54 እስከ 56 ሴንቲ ሜትር፣ ከ325 እስከ 375 ግራም ነው። እሱ ከሌለ ከትልቁ ኳስ ላይ ጥቂት አየር አስተንፍሱለት፤ በጣቶቹ እስኪጨብጠው ድረስ።