ከግፊት መቀነስ የተሰላው የሙቀት ማስተላለፊያ ኮኤፊሸንት ከልኬቱ ሲርቅ

ምልክቱ ይህ ነው። በቱቦው ውስጥ ያለውን የግፊት መቀነስ ለካችሁ፣ ከሱ የፍትጊያ ኮኤፊሸንቱን አወጣችሁ፣ በሬይኖልድስ ንጽጽር የሙቀት ማስተላለፊያ ኮኤፊሸንቱን h አሰላችሁ። ቁጥሩ ግን በሙከራ ከተገኘው በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ኦስቦርን ሬይኖልድስ በ1874 ያቀረበው ሐሳብ ቀላል ነው። በቱርቡለንት ፍሰት ውስጥ ሞመንተምንም ሙቀትንም ወደ ግድግዳው የሚያመላልሱት እነዚያው አዙሪቶች ናቸው። ስለዚህ አንዱን ካወቅን ሌላውን እናውቃለን፦

```
h / (ρ V cp) = f / 8
```

እዚህ f የዳርሲ ነው። የፋኒንግ f ከያዛችሁ አራት እጥፍ ስለሚያንስ አካፋዩ 2 ይሆናል። ሁለቱን ማምታታት ውጤቱን በ4 እጥፍ ያዛባል፤ መጀመሪያ ይህን አረጋግጡ።

ዋናው ጥፋት ግን ብዙ ጊዜ ያለው የፕራንትል ቁጥሩ (Pr) ላይ ነው። ግድግዳው አጠገብ ባለው ስስ ንብርብር ውስጥ አዙሪቶቹ ይደክማሉ፤ ሥራውን የሚረከቡት ዝልግልግነትና የሙቀት ስርጭት ናቸው። እነዚህ እኩል የሚሆኑት Pr ወደ 1 ሲጠጋ ብቻ ነው። አየር 0.71 ስለሆነ ስህተቱ 20 በመቶ ገደማ ነው። ውሃ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ 7 ነው፤ እዚያ ንጽጽሩ ይወድቃል።

በቁጥር እንየው። ውሃ 25 ሚሊሜትር በሆነ ለስላሳ ቱቦ በሰከንድ 2 ሜትር ይፈሳል። የሬይኖልድስ ቁጥሩ 50,000 ገደማ፣ f ደግሞ 0.021 ነው። ከላይ ያለው ቀመር h 21,900 ዋት በካሬ ሜትር በኬልቪን ይላል። መፍትሄው የቺልተንና ኮልበርን እርማት ነው፦

```
h / (ρ V cp) · Pr^(2/3) = f / 8
```

7 በ2/3 ሲነሳ 3.66 ይሆናል፤ h ወደ 6,000 ይወርዳል። ይበልጥ ትክክል የሚባለው የግኒየሊንስኪ ቀመር 7,850 ገደማ ይሰጣል። እርማቱ ሩብ ያህል ዝቅ ብሏል፤ ለመጀመሪያ ግምት ግን ይበቃል። የሚሠራውም Pr ከ0.6 እስከ 60 ሲሆን ነው።

እርማቱን አድርጋችሁም h አሁንም ከፍ ካለ፣ የግፊት መለኪያዎቹ የት እንደተተከሉ እዩ። በመካከላቸው ክርን ወይም ቫልቭ ካለ፣ የተለካው ግፊት የግድግዳ ፍትጊያ ብቻ አይደለም። ከእንቅፋቱ ፊትና ኋላ ያለው የግፊት ልዩነት ፍሰቱን ይይዘዋል፤ ለዚህ ግን በሙቀት በኩል አቻ የለውም። ሻካራ ቱቦም በዚሁ ምክንያት ያሳስታል፦ ፍትጊያው ሙቀቱ ከሚጨምረው በላይ ይጨምራል። ለለስላሳ ቱቦ ምሳሌያችን ቀጥ ባለው ክፍል በየሜትሩ 1,700 ፓስካል ገደማ ይጠበቃል። ከዚህ በጣም ከበለጠ መለኪያዎቹን ወደ ቀጥታው ክፍል አዛውሩ። ቱቦው ከሻከረ ንጽጽሩን ትታችሁ h ን በቀጥታ ለኩ።

የሬይኖልድስ ቁጥሩ ከ2,300 በታች ከሆነ ፍሰቱ ላሚናር ነው፤ በቱቦ ውስጥ ንጽጽሩን አትጠቀሙ። በደንብ በተደራጀ ፍሰት የኑሰልት ቁጥሩ ቋሚ ነው፦ የግድግዳው ሙቀት መጠን ቋሚ ከሆነ 3.66፣ በግድግዳው የሚያልፈው ሙቀት ወጥ ከሆነ 4.36።