ሥራ የሚያሳጡ የወሊድ ፈቃድ ስህተቶች

በጅማ ከተማ ህርማታ አካባቢ በሚገኝ አንድ የቡና ማዘጋጃ መጋዘን በገንዘብ ያዥነት የምትሠራ ወጣት እናት ጥር 14 ቀን ልጇን አቅፋ ቤቴ መጣች። በእጇ የያዘችው ከሥራ በመቅረቷ የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። «እትዬ፣ መቶ ሃያ ቀን አይደል እንዴ የተፈቀደልን? ገና አምስት ቀን ይቀረኛል» አለችኝ። እኔ በግል ድርጅቶች የሠራተኛ አስተዳደር ሥራ ላይ ረጅም ዓመት የቆየሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ሳልጠይቃት ነገሩ ገባኝ። ይህን ስህተት በየዓመቱ አየዋለሁ።

ፈቃዱን እንደ አንድ ጥቅል መቁጠር

የግል ድርጅት ሠራተኞችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሁለት የተለያዩ ፈቃዶችን ይሰጣል። አንደኛው ከሚጠበቀው የመውለጃ ቀን በፊት 30 ተከታታይ ቀናት ነው፤ ሁለተኛው ከወለዱ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት። ሁለቱም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ናቸው። ተከታታይ ማለት እሑድም በዓልም አብሮ ይቆጠራል ማለት ነው። እናቷ ሠላሳው ቀን ሳያልቅ ከወለደች ዘጠናው ቀን ወዲያው መቆጠር ይጀምራል፤ ከመጀመሪያው የተረፈው ወደ ሁለተኛው አይዞርም።

የገንዘብ ያዥዋን ነገር አብረን እንቁጠረው። ሐኪሙ የገመተላት ጥቅምት 20 ስለነበር ከመስከረም 20 ጀምሮ ፈቃድ ወጣች። የወለደችው ግን ጥቅምት 8 ነው። ከማግስቱ ዘጠና ቀን ብንቆጥር ጥር 8 ላይ ያልቃል። እርሷ ደግሞ ከመስከረም 20 አንሥታ መቶ ሃያ ቀን ቆጥራ ጥር 19 ላይ አድርሳዋለች። በመካከል አሥራ አንድ ቀን አለ፤ አሠሪው የቀረች ብሎ የመዘገባት ከእነዚህ ውስጥ እስከዚያ ባለፉት ቀናት ነው።

እንደ ቀላል ነገር አትዩት። በዚሁ አዋጅ መሠረት አንድ ሠራተኛ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ሊሰናበት ይችላል። ገንዘብ ያዥዋ ቤቴ በመጣች በማግሥቱ ወደ ሥራ ገባች፤ የቀረችባቸው ቀናት ካልተጠቀመችበት የዓመት ፈቃዷ ላይ እንዲቀነሱ በጽሑፍ ጠየቀች። አሠሪው ተስማማ፣ ማስጠንቀቂያውም ተነሣላት። የወሊድ ፈቃድ የዓመት ፈቃድን አይበላም። ከልጃችሁ ጋር ጥቂት ቀን መጨመር የምትፈልጉ፣ የዓመት ፈቃዱን ከወዲሁ አስፈቅዳችሁ በወሊድ ፈቃዱ ጫፍ ላይ ብትቀጥሉት ይሻላል።

ከተገመተው ቀን ያለፈባት እናት በተቃራኒው መብት አላት፤ እስክትወልድ ድረስ ተጨማሪ ፈቃድ ይሰጣታል። የሐኪም ወረቀት ግን ትያዝ። ከወሊድ በፊት ለሚደረግ ክትትል የሚወጣበት ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ ደመወዝ አይቆረጥበትም፣ የምርመራ ማስረጃ ግን ይጠየቃል።

አራቱን ወር አለማወቅ፣ ወይም ከልክ በላይ ማመን

አዋጁ አሠሪ ነፍሰ ጡር ሠራተኛን በእርግዝናዋ ወቅትና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ እንዳያሰናብት ይከለክላል። ፈቃዱ ሦስት ወር፣ ጥበቃው አራት ወር ስለሆነ፣ ወደ ሥራ ከተመለሱ በኋላ አንድ ወር ያህል ይተርፋል። ለገንዘብ ያዥዋ ይህ ጊዜ እስከ የካቲት 8 ይደርሳል። ብዙ እናቶች ጥበቃው ፈቃዱ ባለቀበት ቀን የሚያልቅ ስለሚመስላቸው፣ በተመለሱ በሳምንቱ «ቦታሽ በሌላ ሰው ተይዟል» ሲባሉ አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ።

ሌሎች ደግሞ በአራቱ ወር ውስጥ ምንም ቢያደርጉ የማይነኩ ይመስላቸዋል። ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር ግንኙነት በሌለው ከባድ ጥፋት ግን ስንብት ይቻላል። ከአራት ወር በኋላም ቢሆን እርግዝና ወይም የቤተሰብ ኃላፊነት ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በተመለሱበት ቀን የቀረበን ወረቀት ሁሉ መፈረም

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። እናቲቱ እንቅልፍ አጥታ፣ ልቧ ቤት ቀርቶ ትመለሳለች። አንድ ወረቀት ይቀርብላታል፤ «ለጊዜው ነው፣ ልጅሽ እስኪጠና» ተብላ ደመወዙ ዝቅ ያለ የሥራ መደብ ትቀበላለች። ይባስ ብሎ «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄአለሁ» የሚል ማመልከቻ ተዘጋጅቶ ይጠብቃታል። በፈረመችው መልቀቂያ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ መከራከር እጅግ ከባድ ነው፤ አሠሪው አላሰናበትኋትም፣ ራሷ ሄደች ይላል።

ደመወዝና የሥራ መደብ የውል ጉዳይ ስለሆነ፣ አሠሪው ብቻውን በቃል ሊያወርደው አይችልም። ስለዚህ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብቡ። ፈቃድ ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ የሥራ መደባችሁና ደመወዛችሁ የተጻፈበት የፈቃድ ደብዳቤ ማኅተም ተደርጎበት እጃችሁ ይግባ።

የጡት ማጥቢያ ሰዓት በአዋጁ አለ ብሎ ማመን

ብዙ ሰው «በቀን አንድ ሰዓት በሕግ ተፈቅዷል» ይላል። አዋጅ 1156 ውስጥ ግን ደመወዝ የሚከፈልበት የማጥቢያ ሰዓት የሚል አንቀጽ የለም። የዓለም የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 183፣ በየቀኑ አንድ ወይም ከዚያ በላይ የማጥቢያ ዕረፍት እንዲኖር፣ ወይም የሥራ ሰዓቱ እንዲያጥር፣ ጊዜውም እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ እንዲከፈል ይደነግጋል። በእኛ ግል ድርጅቶች ውስጥ መብቱ የሚመጣው ከኅብረት ስምምነት፣ ከድርጅቱ የሥራ ደንብ ወይም ከአሠሪው ጋር ከሚደረግ የጽሑፍ ስምምነት ነው። የቃል ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል፤ የወጣችበት ሰዓትም ተደምሮ ከደመወዟ ሲቆረጥ አይቻለሁ።

ሰዓቱን ስትጠይቁ መንገዱን አስሉ። የገንዘብ ያዥዋ ቤት ቦሳ ቂጦ ነው። በባጃጅ መሄጃ ሃያ ደቂቃ፣ መመለሻ ሃያ ደቂቃ፤ ከአንድ ሰዓት ለልጁ የሚተርፈው ሃያ ደቂቃ ብቻ ነው፤ ዝናብ ከጣለ እሱም የለም። ስለዚህ ያቀረበችው ጥያቄ ሌላ ነበር፦ ከቀኑ 11 ሰዓት ፈንታ 10 ሰዓት እንድትወጣ፣ ረፋድ ላይ ደግሞ በር ባለው የመዝገብ ክፍል ሃያ ደቂቃ ወተት እንድታልብ። በንጹሕ ዕቃ የታለበ የእናት ጡት ወተት የክፍሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ ካልበለጠ ከታለበ በኋላ ለአራት ሰዓት ያህል ይቆያል፤ ረፋድ የታለበውን እህቷ ለምሳ መጥታ ትወስደዋለች። ሳይታለብ የሚውል ጡት ይወጠራል፣ ያቆስላል፣ ወተቱም እየቀነሰ ይሄዳል። የተስማሙበት ወረቀት አራት መስመር ነው፤ ሰዓቱን፣ ክፍሉን፣ እስከ መቼ እንደሚቆይና «ከደመወዝ አይቀነስም» የሚለውን ይዟል። ይህን የመጨረሻ ሐረግ እንዳትረሱት።

ሽምግልና ላይ ሦስት ወር ማሳለፍ

ያለ አግባብ የተሰናበተች ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብላ የምትከስበት ጊዜ ከተሰናበተችበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር ብቻ ነው። የካቲት 5 የተሰናበተች እናት ከግንቦት 5 በፊት ክስ ማቅረብ አለባት። ያልተከፈለ ደመወዝ መጠየቂያው ደግሞ ስድስት ወር ነው። ሽማግሌ መላክ ክፋት የለውም፤ ግን ሽማግሌ ሲመላለስ ቀኑ አይቆምም። ሠራተኛ ለሥራ ክርክር ችሎት ለምታቀርበው ክስ የዳኝነት ክፍያ አትጠየቅም። ጠበቃ ማቆም ያቃታት፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ነጻ የሕግ ድጋፍ ክስ ማስጻፍ ትችላለች፤ የቅጥር ውሏን፣ የፈቃድ ደብዳቤዋን፣ የልጁን የልደት ማስረጃና የስንብት ደብዳቤውን ይዛ ትሂድ።