በዳታ መዝገበ ቃላት ውስጥ የቀን ዓምድን እንዴት እንጻፍ?

የጤና ጣቢያ ወይም የቤት ለቤት ጥናት ዳታ የምታስረክቡ ከሆነ፣ በመዝገበ ቃላቱ ሰንጠረዥ ላይ ለቀን ዓምድ «ዓይነት፦ ቀን» ብላችሁ አትለፉ። በየትኛው አቆጣጠር እንደተመዘገበ እዚያው ረድፉ ላይ ይጻፍ።

ምክንያቱ ይህ ነው። 2016-02-30 ጥቅምት 30 ነው፤ ሶፍትዌሩ ግን ፌብሩዋሪ 30 ቀን የለውም ብሎ ባዶ ያደርገዋል። 2016-13-03፣ ማለትም ጳጉሜን 3፣ እንዲሁ ይጠፋል። የሚጠፋው እንኳ ይሻላል፣ ቢያንስ ይታያል። ክፉው 2016-05-10 ነው፦ ጥር 10 ቀን 2016 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2024) ሆኖ ሳለ፣ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ሜይ 10 ቀን 2016 ተብሎ ይነበባል።

ስለዚህ የኢትዮጵያውን ቀን በጽሑፍ ዓይነት አስቀምጡት፣ የተቀየረውን ደግሞ ለብቻው ዓምድ ስጡት፦

```
visit_date_ec | ጽሑፍ | ዓዓዓዓ-ወወ-ቀቀ፤ ወር 01–13፣ ቀን 01–30 (ወር 13 ከሆነ 01–06) | ታካሚው የመጣበት ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር
visit_date_gc | ቀን | ከ2023-09-12 እስከ 2024-09-10 | ከ visit_date_ec የተሰላ
```

የሁለተኛው ረድፍ ገደብ የ2016 ዓ.ም. መጀመሪያና መጨረሻ ነው። ሳይቀየር ያመለጠ ቀን ካለ ከዚህ ክልል ውጭ ስለሚወድቅ በአንድ ማጣሪያ ይያዛል። ጳጉሜን 6 ግን ዓመቱን አይታችሁ ፍቀዱ፤ 2015 ላይ አለ፣ 2016 ላይ የለም።