ኮንፈረንስ ላይ ስታቀርቡ ምን ይለበስ? የቀለምና የልክ አመራረጥ

የመጀመሪያ ጊዜ ኮንፈረንስ ላይ ሳቀርብ ወጥ ቀሚስ ነበር የለበስኩት። ጨርቁም ልኩም ጥሩ ነው ግን ኪስ የለው ቀበቶ የለው። መድረክ ልወጣ ስል ድምፅ የሚያስተካክለው ልጅ ደረት ላይ የምትሰካዋን ትንሽ ማይክ ይዞ መጣ፣ ማይኳ ደግሞ በሽቦ የተያያዘች መዳፍ የምታክል ሳጥን አላት፣ ሳጥኗ ወይ ወገብ ላይ ትሰካለች ወይ ኪስ ትገባለች። እኔ ጋ የሚይዛት ነገር አልነበረም። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ሳጥኗን በግራ፣ የስላይድ መቀየሪያውን በቀኝ እጄ ይዤ አቀረብኩ፣ አንድ ግራፍ እንኳን በእጄ ማሳየት አልቻልኩም። ሰውም የሚያየው እጄን ነበር።

ስለዚህ ቁምሳጥን ከመክፈታችሁ በፊት ለአዘጋጆቹ ደውሉ። ከጀርባዬ ምን አለ፣ መጋረጃ ነው ባነር፣ ቀለሙስ? ማይኩ በእጅ የሚያዝ ነው የሚሰካ? ይቀረፃል ወይ? በቃ እነዚህን ሶስት ጥያቄ ብቻ።

ቀለም ላይ ሰው የሚሳሳተው "የትኛው ያምርብኛል" ብሎ ስለሚጀምር ነው። መድረክ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፣ ከሩቅ የተቀመጠ ሰው አይኑ መጀመሪያ የት ያርፋል? ፊታችሁ ላይ ማረፍ አለበት። ባለፈው ታናሽ እህቴ እዚሁ ጅማ ስለ ቡና አደራረቅ ልታቀርብ ስትዘጋጅ ሁለት ልብስ አውጥታ ጠበቀችኝ፣ አንዱ ከላይ እስከ ታች ነጭ፣ አንዱ ደማቅ ቀይ። ሁለቱንም አስለብሼ ግድግዳ ስር አቁሜ በስልክ ቀረፅኳት፣ ስድስት ሰባት እርምጃ ርቄ።

በነጩ ፊቷ ጠቆረ። ምክንያቱ ካሜራው ነው፣ ብዙ ነጭ ሲያይ ምስሉ እንዳይነጣበት ብሎ ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ያኔ የኛ የጠይምና የጥቁር ሰዎች ፊት አብሮ ይጨልማል፣ አይንና አፍ መለየት ያቅታል። አዳራሽ ውስጥ ደግሞ ሌላ ችግር አለው፣ ፕሮጀክተሩ ፊት ለፊት አለፍ ስትሉ የስላይዱ ፅሁፍ ነጩ ልብሳችሁ ላይ ይነበባል። በቀዩ ደግሞ ቪዲዮው ላይ ልብሱ አንድ ወጥ ቀይ ሆኖ ስፌቱም እጥፋቱም ጠፋ፣ ርካሽ ካሜራ ደማቅ ቀይ አይችልም፣ አይንም ከፊቷ ቀድሞ እዛ ይሄዳል።

መጨረሻ ላይ የመረጥነው ጥቁር ሰማያዊ ኮት ከውስጡ ክሬም ሸሚዝ ነው። ክሬሙ አንገቷ ስር በጠባቡ ብቻ ስለሚታይ ፊቷን ፈካ ያደርገዋል፣ ካሜራውን ግን አያታልልም። ይሄ የሰራው ግን የአዳራሹ ግድግዳ ነጣ ያለ ስለነበር ነው። ከኋላችሁ ጥቁር ወይ ጥቁር ሰማያዊ መጋረጃ ካለ ያው ኮት ከመጋረጃው ጋር ይዋሃድና ጭንቅላት ብቻ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ያኔ መካከለኛ ግራጫ ወይም ወይን ጠጅ ኮት ይሻላል። ባነሩ አረንጓዴ ከሆነም አረንጓዴ ተዉት። ለወንዶችም ያው ነው፣ ነጭ ሸሚዝ ብቻውን ሳይሆን ኮት ተደርቦበት።

ቀጫጭን መስመርና ትንንሽ ዳማ ያለው ሸሚዝ ቪዲዮ ላይ እንደ ውሃ ይንቀጠቀጣል። ስልካችሁን ይዛችሁ እየራቃችሁ ቅረፁት፣ ከተንቀጠቀጠ ሌላ ምረጡ።

ስለ ላብ ልናገር፣ የጅማ ሙቀትና እርጥበት ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ ቀላል አይደለም። ቀለል ያለ ግራጫና ውሃ ሰማያዊ ሸሚዝ ብብት ላይ ወዲያው ያሳብቃል። ከመግዛታችሁ በፊት የውስጥ ጠርዙን በረጠበ ጣት ንኩት፣ ከሌላው በጣም ከጠቆረ ላብም እንደዛው ነው የሚያሳየው። ጥጥ የበዛበት ሸሚዝ ይሻላል፣ ፖሊስተር ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል።

አሁን ወደ ልኩ፣ እኔ ብዙ ብር ያጠፋሁበት ጉዳይ። ኮቱን ከሳልቫጅ ነው የገዛነው፣ እኔ በበኩሌ ሳልቫጅ ኮት እወዳለሁ፣ በዛ ዋጋ እንደሱ የተሰፋ አዲስ አላገኘሁም። ግን ድሮ "ሰፊ ያስተካክለዋል" እያልኩ ሰፋፊ ኮት እገዛ ነበር፣ ሁለቱ እስካሁን ሳይለበሱ ቀርተዋል። መርካቶ ያሉ አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው ያስተማሩኝ፣ "ጋሼ ይቺን ትከሻዋን ቢያጠቡልኝ" ስላቸው ኮቱን አገላብጠው አዩና "ልጄ፣ ጎኑን አጠባለሁ፣ እጅጌውን አሳጥራለሁ፣ ትከሻን ግን ከነካሁት ሙሉ ኮቱን መፍታት ነው፣ ከዋጋው በላይ ያስወጣሻል" አሉኝ።

ስለዚህ ስትገዙ መጀመሪያ ትከሻውን እዩ። ስፌቱ የትከሻችሁ አጥንት ጫፍ ላይ ማለቅ አለበት፣ ወደ ክንድ ከወረደ የታላቅ ወንድም ልብስ ያስመስላል፣ ወደ አንገት ከገባ ደግሞ ጀርባ ላይ ይወጠራል። ከዛ ቁልፉን ቆልፉና ስክሪን ላይ የሆነ ነገር እንደምታሳዩ ቀኝ እጃችሁን ከፍ አድርጉ። ኮቱ ባለበት ቆሞ እጅጌው ብቻ ከተንቀሳቀሰ ጥሩ ነው። ኮቱ በሙሉ አብሮ ተነስቶ ኮሌታው ጆሮ ስር ከደረሰ ብብቱ ወርዶ ነው የተቆረጠው፣ እሱን ደግሞ ማንም ሰፊ አያወጣውም ምክንያቱም ከላይ የሚጨመር ጨርቅ የለም። ሱቅ ውስጥ እጅ አውርዶ መስታወት ፊት ቆሞ ይሄ አይታይም፣ መድረክ ላይ ግን ግራፍ ባሳያችሁ ቁጥር ይነሳል፣ እናንተም በየደቂቃው ወደ ታች ስትጎትቱት ፈርታችሁ ነው የሚመስለው።

የእህቴ ኮት ትከሻው ልክ ነበር፣ ጎኑ ሰፊ፣ እጅጌው ረጅም። ጋሼ ጎኑን በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሴንቲ አጠበቡ፣ እጅጌውን አንጓዋ አጥንት ላይ አቆሙት። ጉርዱ ከጉልበት በታች አራት ጣት ወረደ፣ ይሄ የሆነው ከንግግሩ በኋላ መድረክ ላይ ወንበር ተቀምጦ ጥያቄ መመለስ ስላለ ነው፣ ስትቀመጡ ጉርድ ወደ ላይ ይሸሻል። የተለጠፈ ጉርድ ደረጃ ላይ ያስቸግራል፣ ወገቡ ላይ ደግሞ ጠንካራ መታጠቂያ ይኑረው፣ የማይኳን ሳጥን የሚይዘው እሱ ነው። ሱሪ ከሆነ ቀላል ነው።

ዋዜማው ላይ ሁሉንም ለብሳችሁ ቁማችሁም ተቀምጣችሁም ንግግሩን አንዴ ተለማመዱ፣ የሚቆነጥጥና የሚንሸራተት ነገር ያኔ ይታወቃል። ሀብልና ረጅም ጉትቻ አውልቁ፣ ማይኳን በነካ ቁጥር በድምፅ ማጉያው ኳ ኳ ይላል። ሻርፕም እንደዛው፣ ማይኳን ይታከካታል።

የእህቴ ቀን ሐምሌ ውስጥ ስለነበር ከጠዋት ጀምሮ ዘነበ። ኮቱን በላስቲክ ሸፍና፣ ጫማዋን በፌስታል ይዛ በባጃጅ ሄደች፣ አዳራሹ በር ላይ ደርሳ ነው የቀየረችው።