ኮምጣጣ ቢራ አጠማመቅ፦ ባክቴሪያው ከሆፕ ይቀድማል

በአብዛኞቹ የቢራ ፋብሪካዎች ላክቶባሲለስ የሚባለው ላክቲክ አሲድ ሠሪ ባክቴሪያ ጠላት ነው። አንድ ቱቦ ውስጥ ከተገኘ መስመሩ በሙሉ ይታጠባል። በርሊነር ቫይሰ የሚባለውን የጀርመን ኮምጣጣ ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች ግን ይህንኑ ባክቴሪያ ገዝተው፣ ሙቀቱን አስተካክለው፣ ሥራውን እስኪጨርስ ድረስ ይጠብቁታል። ጠላም ሲሰነብት የሚኮመጥጠው በእነዚሁ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎች ነው፤ አየር ካገኘ ደግሞ ኮምጣጤ የሚሠሩት ይከተላሉ። ጋኑን በግራዋ ማሸትና በወይራ ማጠንም ካልተፈለጉት ተህዋስያን ብዙዎቹን ማስወገጃ ነው።

ከዚህ በታች ያለው 10 ሊትር የሚሆን በርሊነር ቫይሰ በቤት ድስት የሚጠመቅበት መንገድ ነው። ሆፕ ቢራን የሚያመርር የተክል አበባ ነው። መራራው የሆፕ ንጥረ ነገር የላክቶባሲለስን ሽፋን አልፎ ገብቶ የውስጥ የአሲድ ሚዛኑን ያናጋዋል፤ ባክቴሪያው ወዲያው ባይሞት እንኳ ሥራ ያቆማል። እርሾን ግን አይነካውም። ስለዚህ መጀመሪያ ባክቴሪያው ያለ ሆፕ ያኮመጥጣል፤ ከዚያ ይፈላና ይሞታል፤ ሆፑና እርሾው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ ቢራው ወይ አይኮመጥጥም፣ ወይ መኮምጠጡን አያቆምም።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

800 ግራም የገብስ ብቅል፣ 800 ግራም የስንዴ ብቅል፣ 5 ግራም ሆፕ፣ አንድ ፓኬት ማለትም 11 ግራም ገደማ ደረቅ የኤል ቢራ እርሾ፣ ትንሽ ጠርሙስ 88 በመቶ ላክቲክ አሲድ፣ ከ15 ሊትር የማያንስ የማይዝግ ብረት ድስት፣ ቴርሞሜትር፣ የጭማቂውን ክብደት ከውሃ ጋር የሚያነጻጽር ሃይድሮሜትርና የፒኤች መለኪያ። ፒኤች የአሲድነት ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል። በፒኤች መለኪያው ላይ ገንዘብ መቆጠብ አያዋጣም። የወረቀት መለኪያ 3.3ን ከ3.7 አይለይም፣ በምላስ ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። መለኪያው በየጊዜው በ4 እና በ7 መፈተሻ ፈሳሽ ይስተካከል፤ ናሙናውም ወደ 20 ዲግሪ ከቀዘቀዘ በኋላ ይለካ።

ለባክቴሪያው ቀላሉ ምንጭ በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ የፕሮባዮቲክ ካፕሱል ነው። ምልክቱ ላይ ላክቶባሲለስ ፕላንታረም የሚል ብቻ ይምረጡ፤ እያንዳንዱ 10 ቢሊዮን ሕዋስ ያለው ከሆነ 5 ካፕሱል ለ10 ሊትር ይበቃል። እርጎ መጨመር የሚቀል ይመስላል፣ ግን ብዙ ጊዜ ያሳፍራል። ከእርጎ ባክቴሪያዎች ዋናው የለመደው የወተትን ስኳር ነው፤ የብቅልን ዋና ስኳር ማልቶስን መብላት አይችልም።

አንደኛ፦ ብቅሉን መቀቀል

የተሰነጠቀውን ብቅል በጨርቅ ከረጢት አድርገው 8 ሊትር ውሃ ውስጥ ይንከሩት፤ ለአንድ ሰዓት በ66 ዲግሪ ይያዝ። ከረጢቱን አንጠልጥለው 75 ዲግሪ በሞቀ 5 ሊትር ውሃ ቀስ እያሉ ያጥቡት። 11 ሊትር ገደማ ጭማቂ ይገኛል። ከዚያ ለ10 ደቂቃ ያፍሉት፤ ከብቅሉ ቆዳ የመጡት የዱር ባክቴሪያዎች የሚሞቱት እዚህ ነው። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን ይበቃል።

ብቅሉ የፋብሪካ ሳይሆን ቤት በፀሐይ የደረቀ ከሆነ የመጀመሪያው መፍላት ወደ አንድ ሰዓት ይርዘም፤ በትነት የሚጎድለውም በፈላ ውሃ ይተካ። በከፍተኛ ሙቀት ያልደረቀ ብቅል ሲሞቅ የተቀቀለ በቆሎ የሚሸት ጋዝ የሚያወጣ ንጥረ ነገር በብዛት ይይዛል፤ ያንን የሚያባርረው ክዳኑን ከፍቶ ማፍላት ብቻ ነው።

ሁለተኛ፦ ማኮምጠጥ

ጭማቂውን ወደ 35 ዲግሪ ያቀዝቅዙት። ባክቴሪያው ከመግባቱ በፊት ላክቲክ አሲዱን ሁለት ሁለት ሚሊ ሊትር እየጨመሩና እያማሰሉ ፒኤቹን ከ5.3 አካባቢ ወደ 4.5 ያውርዱት። ብዙ ሰው የሚዘለው እርምጃ ይህ ነው፤ የብዙ ድስት መበላሸትም መነሻው ይኸው ነው። ቆሻሻ ሽታ የሚያመጡት ተህዋስያን 4.5 ላይ አቅማቸው ይዳከማል፣ ፕላንታረም ግን ምንም አይመስለውም። የቢራው አረፋ እንዲቆይም ይረዳል። በላክቲክ አሲዱ ምትክ ሎሚ አይጭመቁ፤ የሎሚውን አሲድ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ቅቤ ቅቤ ወደሚል ሽታ ይለውጡታል።

አሁን ካፕሱሎቹን ከፍተው ዱቄቱን ይበትኑት፤ ልባሱን ይጣሉት። በንጹሕ የምግብ ፕላስቲክ የፈሳሹን ገጽ ራሱን፣ አየር እንዳይቀር አድርገው ይሸፍኑ። ክዳኑን ይግጠሙና ድስቱን በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይጠቅልሉት። ሙቀቱ ከ30 እስከ 37 ዲግሪ ከሆነ ጥሩ ነው። ሌሊት ከቀዘቀዘ ሙቅ ውሃ የተሞሉ ጠርሙሶች ከጋቢው ሥር ይግቡ።

ነገሩ በደህና ሲሄድ ይህን ይመስላል። ቅዳሜ ማታ 2 ሰዓት ላይ 4.5 የነበረው ፒኤች እሑድ ጠዋት 3.9 አካባቢ ይደርሳል፣ እሑድ ማታ 3.5፣ ሰኞ ጠዋት 3.3። በመጨረሻ መውረዱ የዘገየ ይመስላል፤ ሆኖም የፒኤች አንድ አሃድ የአሥር እጥፍ ለውጥ ስለሆነ ከ3.5 ወደ 3.3 ለመውረድ የሚፈጠረው አሲድ ቀላል አይደለም። ከ3.2 እስከ 3.4 ሲደርስ ያቁሙት። ሽታው ንጹሕ፣ ትንሽ ሎሚ ሎሚ ወይም እርጎ እርጎ የሚል ይሆናል። ከ4.5 በላይ ሆኖ ለቀናት ሞቅ ብሎ የቆየ ጭማቂ ግን ለቅምሻም አይሁን።

ከ24 ሰዓት በኋላም 4 ላይ ከቆመ መጀመሪያ ሙቀቱን ይለኩ። ሙቀቱ ልክ ከሆነ ካፕሱሉ ሞቶ ይሆናል፣ ወይም ድስቱ ላይ ከቀድሞ ጠመቃ የቀረ የሆፕ ቅሪት ይኖራል። አዲስ ካፕሱል ይጨመርና አንድ ቀን ይጠበቅ። የትውኪያ ሽታ ከመጣ ቡቲሪክ አሲድ ነው፤ ይህም ድስቱ በደንብ አለመፍላቱን ወይም ቀድሞ በአሲድ አለመስተካከሉን ይናገራል። የላብ ካልሲ የሚመስለው ሽታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ አየር ከመግባቱ ነው። በደንብ የከረፋውን ይድፉት፤ ማፍላት አያድነውም።

በላዩ ወፍራም አረፋ ከሠራ ሃይድሮሜትሩን ይመልከቱ። ፕላንታረም ብቻውን ሲሠራ ጋዝ እምብዛም አያወጣም፣ የጭማቂውንም ክብደት ብዙም አይቀንስም። ከ1.032 ወደ 1.020 ወርዶ ከተገኘ የዱር እርሾ ገብቶ አልኮል መሥራት ጀምሯል፤ ቀጥሎ ሲፈላ ያ አልኮል በእንፋሎት ይሄዳል፣ የሚቀረውም ቀጭን ውሃማ ቢራ ነው።

ሦስተኛ፦ ማፍላትና እርሾ

ኮምጣጣውን ጭማቂ 5 ግራሙን ሆፕ ጨምረው 15 ደቂቃ ያፍሉት። ባክቴሪያው ይሞታል፣ አሲዱ ግን ይቀራል፤ ከዚህ በኋላ የሚነካው ዕቃ ሁሉ እንደ ማንኛውም የቢራ ዕቃ ነው። ወደ 20 ዲግሪ ካቀዘቀዙት በኋላ ክብደቱ ከ1.032 እስከ 1.035፣ መጠኑም 10 ሊትር አካባቢ መሆን አለበት።

እርሾ አሲድ ያስጨንቀዋል። ለዚህ ነው ለ20 ሊትር የሚበቃው ፓኬት ለ10 ሊትር ሙሉውን የሚገባው። ለብ ባለ ንጹሕ ውሃ አርጥበው ግማሽ ሰዓት ካቆዩት በኋላ አንድ ብርጭቆ ኮምጣጣ ጭማቂ ጨምረው ሁለት ሰዓት ያለማምዱት፣ ከዚያ ይደባልቁት። ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። 1.007 አካባቢ ሲቆምና ሦስት ቀን ሳይለወጥ ሲቆይ አልቋል፤ አልኮሉም 3.4 በመቶ ገደማ ይሆናል። በሊትር 7 ግራም ስኳር አድርገው በጠንካራ የቢራ ጠርሙስ ያሽጉት፣ በክፍል ሙቀት ሁለት ሳምንት ይቆይ። በርሊን ውስጥ ብዙ ሰው በራስበሪ ሽሮፕ ይጠጣዋል፤ ያለ ሽሮፕ ግን የስንዴው ጣዕም የተሻለ ይወጣል።

የዱር እርሾ ለሚጨምር

የድሮው በርሊነር ቫይሰ ጠርሙስ ውስጥ ብሬታኖማይሲስ የሚባል እርሾም ይኖር ነበር። ኒልስ ክላውሰን የተባለ የካርልስበርግ ተመራማሪ በ1904 በፈረንጆች አቆጣጠር ስሙን ያወጣለት ከእንግሊዝ ቢራ ላይ አግኝቶት ነው። በብራሰልስ አካባቢ ላምቢክ የሚጠምቁት ደግሞ ምንም ሳይገዙ ትኩሱን ጭማቂ በሰፊ ገበታ ላይ ሌሊት አየር ላይ ያሳድሩታል፤ ከዚያ በበርሜል ውስጥ አንዱ ተህዋስ ለሌላው እየለቀቀ ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለቤት ግን የተገዛ ብሬታኖማይሲስ ይሻላል።

ካለቀው ቢራ 4 ሊትር ወደ ብርጭቆ ማሰሮ ገልብጠው እስከ አንገቱ ይሙሉት፤ ብሬታኖማይሲሱን ጨምረው ጋዝ ማስወጫ ይግጠሙለት፣ ከ3 እስከ 6 ወር 20 ዲግሪ አካባቢ ይተዉት። ማሰሮው ጎዶሎ ከሆነ ባለው አየር ኮምጣጤ ይሠራል። ላዩ ላይ ነጭ ስስ ቆዳ ቢያበጅ አይንኩት፤ ጸጉራም አረንጓዴ ወይም ጥቁር ነገር ግን ሻጋታ ነው፣ ይደፋል።

ብሬታኖማይሲስ ተራው እርሾ የተወውን ስኳር ሳይቀር ይበላል፤ አደጋውም እዚህ ላይ ነው። ቢራው 1.007 ላይ እያለ ቢታሸግና ጠርሙስ ውስጥ ወደ 1.002 ቢወርድ፣ ያ ብቻውን የአንድ መደበኛ ቢራ ሙሉ ጋዝ ያህል ይፈጥራል። የተጨመረው ስኳር ሲታከልበት ተራ ጠርሙስ ሊፈነዳ ይችላል። ሃይድሮሜትሩ በወር ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር ሳያሳይ አይታሸግ፤ ጠርሙሱም የሻምፓኝ ዓይነት ወፍራም ይሁን። ይህን ቢራ የነኩ የጎማ ቱቦዎችና የፕላስቲክ ባልዲዎች ለዚሁ ብቻ ይለዩ፤ በፕላስቲክ ጭረት ውስጥ የተደበቀ ብሬታኖማይሲስ በተለመደው እጥበት አይለቅም።